ከዕለት ማስታወሻ ወደ መውጫ ማጠቃለያ

ከወልቂጤ ወደ እምድብር በሚወስደው መንገድ ላይ የሚገኘው የአታት ሆስፒታል፣ የካቶሊክ የሕክምና ተልእኮ እኅቶች ማኅበር በ1969 እ.ኤ.አ. ካቋቋመው ጊዜ አንሥቶ የጉራጌን ገጠር ሲያገለግል የኖረ ቤተ ፈውስ ሲሆን፣ ስሙ ከሀገርም አልፎ የታወቀው፣ ወሊዳቸው የሚያሰጋ እናቶች ምጣቸው ሳይደርስ መጥተው በሚሰነብቱበት የእናቶች ማቆያ ነው። ማቆያው የመምጫውን መንገድ ችግር ለማቅለል የተሠራ ነው፤ ምጥ ከያዛት በኋላ በቃሬዛ ተጭና ከምትመጣ፣ አስቀድማ መጥታ እዚያው ግቢ ውስጥ ትቆይ የሚል ሐሳብ ነውና። የመሄጃው መንገድ ግን ለወላድም ሆነ ለሌላ ሕሙም የራሱ ችግር አለው፤ ሕሙሙ ተሽሎት ወደ መንደሩ ሲመለስ በሆስፒታል የተደረገለትንና ገና ሊደረግለት የሚገባውን ከእርሱ ጋር ሊያደርስ የሚችለው አንድ ወረቀት ብቻ ስለሆነ፣ ይህ ምዕራፍ ስለዚያ ወረቀት፣ ይኸውም ስለ መውጫ ማጠቃለያ አጻጻፍ ይናገራል።

ወረቀቱን የሚቀበለው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ያልተረዳ ጸሐፊ በደንብ ሊጽፈው አይችልም። በሌላው ዓለም ተቀባዩ የቤተሰብ ሐኪም የሚባለው ነው። በእኛም አገር አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2013 እ.ኤ.አ. የቤተሰብ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት ጀምሮ ሐኪሞችን አስመርቋል፤ ነገር ግን ቁጥራቸው ገና ጥቂት ስለሆነ፣ ከአታት አካባቢ ወደ ቀበሌዋ ለምትመለስ ሴት የቤተሰብ ሐኪሟ በተግባር የጤና ጣቢያው ጤና መኮንን ወይም ነርስ ነው፤ ከእርሱም ዝቅ ብሎ በጤና ኬላ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትገኛለች። ይህ ጤና መኮንን የደም ግፊት መለካት፣ ስኳር በጣት ደም መመርመር፣ መድኃኒት መቀየር ይችላል፤ የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳየውን የክሬአቲኒን ምርመራ ግን በብዙ ጤና ጣቢያ አያገኘውም። እንግዲህ ማጠቃለያው «ክሬአቲኒን ይደገም» ብሎ ቢያበቃና የት እንደሚደገም ባይናገር፣ ትእዛዙ ለማንም ያልተሰጠ ትእዛዝ ሆኖ ይቀራል ማለት ነው።

ነገሩን በቅርብ ለማየት እንዲያመች አንዲት ሕመምተኛ እንውሰድ፤ ይህች ሴት የማንኛዋም እውነተኛ ታካሚ ታሪክ ሳትሆን፣ በየሆስፒታሉ ከሚያጋጥመው ሁሉ ለማስረጃ ያህል የተቀናበረች መሆኗን አንባቢ ይወቅልኝ። ዕድሜዋ 60 ነው፤ እንሰትና ጥቂት ቡና ካለው ጓሮ የመጣች፣ የደም ግፊት ክትትሏን በጤና ጣቢያ የምታደርግ እናት ናት። ጥር 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በሌሊት ስትገባ የተቀበላት የዱቲ ሐኪም፣ እንቅልፍ ዐይኑን እየተጫነውም ቢሆን፣ ከሁሉ የተሻለውን ገጽ የጻፈው እርሱ ነበር፤ ሳል ከጀመራት ሦስት ሳምንት፣ ትኩሳት ከያዛት አራት ቀን፣ ትውከትና ተቅማጥ ከተጨመረባት ሁለት ቀን እንደሆነ፣ ከጤና ጣቢያ ኢናላፕሪል 10 ሚሊ ግራም በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ 25 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ እንደምትወስድ፣ ከዚህም ሌላ ጉልበቷን ስላመማት ከመድኃኒት መደብር ዳይክሎፌናክ ገዝታ ለዐሥር ቀን ያህል እንደዋጠች ጠይቆ ጽፏል። የደም ግፊቷ 90/60፣ ክሬአቲኒኗ 2.6፣ የደም ስኳሯ 243 ነበር፤ በደረት ራጅ በቀኝ ሳንባዋ ግርጌ የሳንባ ምች ታየ። ግሉኮስ የሌለበት ፈሳሽ፣ ሴፍትሪያክሶንና አዚትሮማይሲን ታዘዘላት፤ የግፊት መድኃኒቶቿም እንዲቆሙ ተደረገ።

ከዚህ በኋላ ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። በጥር 21 ራውንድ ያደረገው ሐኪም «ከባድ የሳንባ ምች፣ የኩላሊት መጎዳት፣ ስኳር ይሆን?» ይላል። የጥር 22 ሐኪም ሌላ ሰው ነው፤ «ተሽሏታል፣ ሕክምናው ይቀጥል» ብሎ ያልፋል። በጥር 23 ክሬአቲኒኑ 1.8፣ በባዶ ሆድ የተለካው ስኳር 148 ሆኖ ይገኛል፤ ሐኪሙም የኩላሊቱን መጎዳት በፈሳሽ ማነስ፣ የስኳሩን መውጣት በሕመሙ ጭንቀት አመካኝቶ፣ ሳሉ ስለቆየ አክታዋ ለጂን ኤክስፐርት ምርመራ ወደሌላ ሆስፒታል እንዲላክ ያዛል። በጥር 24 «እንደ ትናንቱ»። በጥር 25 የደም ግፊቷ ወደ 158/94 ይወጣና አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም ይጀመርላታል፤ ይህ ግን የተጻፈው በኦርደር ሺት ላይ ብቻ ሲሆን፣ የዚያ ዕለት ማስታወሻ ስለ አዲሱ መድኃኒት አንዲት ቃል ሳይናገር «የታወቀ የስኳርና የግፊት ሕመምተኛ፣ ምቹ እየተሻላት ነው» ይላል። ጥር 26 የሴፍትሪያክሶኑ ሰባት ቀን ይሞላል፤ በጥር 27 ክሬአቲኒኑ 1.3፣ የባዶ ሆድ ስኳሯ 118፣ ግፊቷ 142/86 ሆኖ «ትውጣ» ይባላል።

የመውጫ ማጠቃለያውን እንዲጽፍ የታዘዘው ወጣት ሐኪም፣ እንደ ልማዱ ካርዱን ከፊት ወደ ኋላ እያገላበጠ የየዕለቱን ማስታወሻ ቢያሳጥረው፣ የሚያወጣው ጽሑፍ የነገሥታትን ዜና መዋዕል ይመስላል፤ በዚህ ቀን ይህ ሆነ፣ በማግስቱም ያ ሆነ እያለ ይሄዳል፤ ስለምን እንደሆነና ከእንግዲህ ምን መደረግ እንዳለበት ግን አንባቢው ራሱ ፈልጎ ያገኘው ዘንድ ይተወዋል። የዕለት ማስታወሻ የተሠራው ለሌላ ተግባር ነው፤ የዛሬው ሐኪም ነገ ለሚተካው ሐኪም የሚተወው አደራ ስለሆነ፣ የቀኑ ሥርዓት ለእርሱ ትክክል ነው። ለጤና መኮንኑ ግን በጥር 22 ምን እንደተደረገ ማወቅ አንዳች አይፈይደውም። አሜሪካዊው ሐኪም ላውረንስ ዊድ በ1968 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፉ፣ የሕሙም መዝገብ በችግሮቹ ዝርዝር ዙሪያ ይደራጅ፣ እያንዳንዱ ምልከታና ትእዛዝም የትኛውን ችግር እንደሚመለከት ይታወቅ ብሎ ያስተማረው፣ ከሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ስለዚህ ካርዱን ለማንበብ እኔ የምመርጠው ቅደም ተከተል ከገጾቹ ቅደም ተከተል የተለየ ነው። አስቀድሞ የሌሊቱ የመግቢያ ገጽ በሙሉ፣ ሳይዘለል ይነበባል፤ ሕመምተኛይቱ ስለራሷ የተናገረችው ሁሉ ያለው እዚያ ብቻ ነውና። ቀጥሎ የላቦራቶሪ ውጤቶች ተሰብስበው እያንዳንዱ ምርመራ በራሱ መስመር በየቀኑ ይደረደራል፤ ክሬአቲኒን 2.6፣ 1.8፣ 1.3 የሚለው መስመር፣ ሦስት ማስታወሻ ተደምሮ ያልተናገረውን በአንድ እይታ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ኦርደር ሺቱና ነርሶቹ መድኃኒት የሰጡበት ሠንጠረዥ ጎን ለጎን ተደርገው ይታያሉ፤ የታዘዘ ሁሉ አልተሰጠም፣ የተሰጠም ሁሉ በማስታወሻ አልተጻፈምና፣ በዚህ ነገር ከሐኪሙ ቃል ይልቅ የነርሷ ፊርማ የበለጠ ምስክር ነው። የዕለት ማስታወሻዎቹ የሚነበቡት በመጨረሻ ነው፤ ሲነበቡም አንድ ጥያቄ ይዞ ነው፤ ይህ አስተያየት በዚያ ቀን የታሰበ ነው ወይስ ከትናንት የተገለበጠ? «እንደ ትናንቱ» የሚል ቃል ያለበት ማስታወሻ ሕመምተኛዋ በሕይወት መዋሏን ከመመስከር በቀር ለማጠቃለያው የሚጨምረው ነገር የለም።

በባዶ ወረቀት ላይ ችግሮቹ ሲዘረዘሩ አራት ሆነው ይገኛሉ፤ የሳንባ ምች፣ የኩላሊት መጎዳት፣ የስኳር መውጣት፣ የደም ግፊት። ምቹ ያለቀ ጉዳይ ነው፤ ሴፍትሪያክሶን ሰባት ቀን፣ አዚትሮማይሲን ሦስት ቀን ተሰጥቶ ሕክምናው ተፈጽሟል፣ ከእንግዲህ የምትወስደው ፀረ ተሕዋስያን የለም ተብሎ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፋል። «ተፈጽሟል» የሚለው ቃል መቅረት የለበትም፤ ከቀረ ጤና መኮንኑ መድኃኒቱ ሊቀጥል ይገባው እንደነበር ይጠራጠርና፣ ለጥንቃቄ ብሎ ሌላ ሊያዝላት ይችላል።

ኩላሊቱ ግን ሰፊ ቦታ የሚገባው ነው። የጥር 23 ማስታወሻ ጉዳቱን በፈሳሽ ማነስ ብቻ አመካኝቷል፤ ይህም ከፊሉ እውነት ነው። ነገር ግን የሌሊቱ ሐኪም የጻፈው፣ ከእርሱም በኋላ ማንም ያላነሣው ዳይክሎፌናክ አለ። ኩላሊት ደምን የሚያጠልለው በጥቃቅን የደም ሥሮች ጉንጉን ውስጥ ባለው ግፊት ሲሆን፣ ዳይክሎፌናክ የመግቢያውን ሥር ያጠብባል፣ ኢናላፕሪል የመውጫውን ሥር ያላላል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ደግሞ ውሃን በሽንት ያስወጣል፤ ሦስቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የማጥለያው ግፊት ከሁለቱም በኩል ይወድቃል፣ በዚያ ላይ ትውከትና ተቅማጥ ሲጨመርበት ኩላሊቱ ሥራውን ሊያቆም ይችላል። ይህ በሕክምናው ዓለም ከታወቀ የቆየ የሦስት መድኃኒቶች አደጋ ነው። ማጠቃለያው «በፈሳሽ ማነስ የመጣ የኩላሊት መጎዳት» ብሎ ቢያልፍ፣ ሴቲቱ ጉልበቷ ባመማት ቁጥር ያንኑ ክኒን ትገዛለች፣ ጤና ጣቢያውም ያንኑ ኢናላፕሪል ይመልስላታል፤ ከሦስት ወር በኋላም በዚያው በር ትገባለች። እንዲህ ተብሎ ቢጻፍ ግን ነገሩ ይለወጣል፦ «የኩላሊት መጎዳት፤ ምክንያቱ ትውከትና ተቅማጥ፣ ከኢናላፕሪል፣ ከሃይድሮክሎሮታያዛይድና ራሷ ገዝታ ከወሰደችው ዳይክሎፌናክ ጋር ተደምሮ። ክሬአቲኒን ከ2.6 ወደ 1.3 ወርዷል፤ ገና ወደ ወትሮው ልክ መመለሱ አልተረጋገጠም፣ የቀድሞ ልኳም አይታወቅም። ዳይክሎፌናክና መሰሎቹ ከእንግዲህ አይሰጧት፤ ለጉልበቷ ፓራሲታሞል።»

የስኳሩ ጉዳይ ሌላ ዓይነት ስሕተት ያሳየናል። በጥር 21 «ይሆን?» የተባለው ጥርጣሬ በጥር 25 «የታወቀ» ሆነ፤ በመካከሉ ግን ይህን የሚያጸና ምንም ምርመራ አልተደረገም። እንዲህ ያለው የግምት መጽናት በካርድ ላይ እጅግ የተለመደ ነው፤ የጥያቄ ምልክቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ይወድቃል። በባዶ ሆድ 126ና ከዚያ በላይ የሆነ ስኳር የስኳር በሽታ ምልክት መሆኑ እሙን ነው፤ ነገር ግን ብርቱ ሕመም ራሱ ስኳርን ስለሚያወጣ፣ በጥር 23 የተለካው 148 ለብቻው ፍርድ አይሰጥም፣ በጥር 27 የተለካው 118 ደግሞ ከወሰኑ በታች ነው። ስለዚህ ማጠቃለያው «የታወቀ የስኳር ሕመምተኛ» ብሎ ይህችን እናት ዕድሜ ልኳን የሚከተላት ስም ሊሰጣት አይገባም። ትክክለኛው ቃል «በሕመሙ ጊዜ ስኳሯ ወጥቶ ነበር፤ የስኳር በሽታ አልተረጋገጠም፤ መድኃኒት አልተጀመረም፤ መጋቢት 9 ቀን በጤና ጣቢያ በባዶ ሆድ ይለካ» የሚል ነው። እርግጠኛ ያልሆነን ነገር እርግጠኛ እንዳልሆነ አድርጎ መጻፍ አንዳንድ ወጣት ሐኪሞች የዕውቀት ጉድለት ይመስላቸዋል፤ እኔ ግን ከማጠቃለያው ሁሉ ለተቀባዩ ከፍ ያለ ዋጋ ያለው መስመር ይህ ይመስለኛል።

ወደ መድኃኒቱ ስንመጣ፣ ብዙው ማጠቃለያ የሚጽፈው ሕመምተኛው ይዞት የሚወጣውን ብቻ ነው። ለዚህች ሴት ይህ ማለት «አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ» የሚል አንዲት መስመር ማለት ነው። ጤና መኮንኑ ይህን አይቶ ምን ያስብ? በእርሱ መዝገብ ኢናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ አሉ፤ አምሎዲፒን ተጨመረ እንጂ ተተካ የሚል ቃል አላየም። በሴቲቱም ቤት፣ ከምሰሶው ላይ በተንጠለጠለች ፌስታል ውስጥ፣ የቀድሞው ክኒን ግማሹ እንዳለ ነው፤ መድኃኒት መጣል ደግሞ በማንም ቤት የተለመደ አይደለም። ስለዚህ የመድኃኒቱ ክፍል ሦስት መሆን አለበት፤ አዲስ የተጀመረ፣ የተለወጠ፣ የቆመ። የቆመውም ከነምክንያቱና ከነመመለሻው ሁኔታ ይጻፋል፦ «ኢናላፕሪል ቆሟል፣ በኩላሊት ምክንያት፤ ክሬአቲኒን ከተስተካከለና ግፊቱ በአምሎዲፒን ብቻ ከ140/90 በታች ካልወረደ፣ በትንሽ መጠን ሊመለስ ይችላል፣ ከተመለሰም ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ክሬአቲኒንና ፖታሲየም ይታይ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ቆሟል፤ ያለ ሆስፒታሉ ምክር አይመለስ።» ያለ ምክንያት የቆመ መድኃኒት ሁሉ፣ ማንም ሳያስበው አንድ ቀን ይመለሳል። ወረቀቱ ብቻ እንደማይበቃም ግልጽ ነው፤ ከመውጣቷ በፊት ነርሷ ልጇን ጠርታ «በእማማ ቤት ያለውን ክኒን ሁሉ ይዘህ ጤና ጣቢያ ሂድ» ብትለው፣ ከብዙ ጽሑፍ የሚበልጥ ሥራ ይሠራል።

በእኛ አገር የሚያጋጥም አንድ ወጥመድ ደግሞ የቀን ቁጥር ነው። ሐኪሙ ማስታወሻውን በፈረንጅ አቆጣጠር ይጽፋል፣ ነርሷ ሠንጠረዡን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ትሞላለች፣ የላቦራቶሪው ወረቀት እንደ ባለሙያው ልማድ ነው። «12/2 ተመልሳ ትምጣ» የሚል ቃል፣ በጻፈው ሐኪም አሳብ ፌብሩዋሪ 12፣ ማለት የካቲት 4 ነው፤ በሚያነበው ጤና መኮንን አሳብ ግን ጥቅምት 12 ይሆናል፣ ስምንት ወር ያህል ይርቃል። የሰዓቱም ነገር እንዲሁ ነው፤ 2:00 ተብሎ የተጻፈ መድኃኒት የጠዋት ይሁን ከቀትር በኋላ፣ ጸሐፊው በየትኛው ሰዓት እንደሚቆጥር ካልታወቀ አይታወቅም። ስለዚህ በማጠቃለያው ላይ ወሩ በስሙ ይጻፍ፣ ቀጠሮው የሚውልበትም ዕለት ይጨመርበት፦ «ሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 2016 ዓ.ም.»። ይህን ያደረገ ጸሐፊ ካርዱን ሲያነብ የተደበላለቁ ቀኖችን ወደ አንድ አቆጣጠር ለመመለስ ይገደዳል፤ በዚያው አጋጣሚም ሁለት ጊዜ የተጻፈ አንድ ምርመራ እንደ ሁለት ተቆጥሮ እንደነበር ብዙ ጊዜ ይገለጥለታል።

የቀረው፣ ሲጻፍ ገና ያልታወቀው ነገር ነው። በጥር 23 የተላከው አክታ ውጤቱ አልመጣም። ከቦስተን ሐኪሞች በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ከሆስፒታል ከወጡ ሕሙማን 41 በመቶው ውጤታቸው ያልደረሰ ምርመራ ትተው እንደሚሄዱ አሳይቷል፤ በእነዚያ ሁሉ መሣሪያ ባሉባቸው ሆስፒታሎች እንዲህ ከሆነ፣ አክታ በመኪና ተጭኖ ወደ ሌላ ከተማ በሚላክበት አገር ምን ያህል እንደሚሆን መገመት አያዳግትም። «የጂን ኤክስፐርት ውጤት ይጠበቃል» ብሎ መጻፍ ግማሽ መንገድ ነው። መቼ እንደተላከ፣ ወዴት እንደተላከ፣ ውጤቱን ማን እንደሚቀበል፣ ቢገኝባት ማን እንደሚጠራት፣ በማን ስልክ እንደምትጠራ መጻፍ አለበት፤ ብዙ ጊዜ ስልኩ የልጅ ወይም የጎረቤት ስለሆነ፣ የባለቤቱ ስምና ዝምድናም ከጎኑ ይቀመጣል።

ይህ ሁሉ በአንድ ገጽ ይገባል፤ የሚገባውም ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው። ከሕመሙ ታሪክ ጀምሮ በምክር የሚያበቃው የተለመደው ሥርዓት፣ ተቀባዩ በመጀመሪያ የሚፈልገውን ነገር በገጹ ግርጌ፣ ብዙ ጊዜም ማኅተሙ በሚያርፍበት ቦታ ያስቀምጠዋል። በገጹ ራስ ላይ ከስሟና ከካርድ ቁጥሯ ቀጥሎ እንዲህ ቢጻፍ ይሻላል፦

«ለጤና ጣቢያው፦ አንደኛ፣ ሰኞ የካቲት 4 ግፊቷ ይለካ፣ ቤቷ ያለው መድኃኒት ሁሉ ይታይ፤ ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ዳይክሎፌናክ ከተገኙ ይወሰዱ። ሁለተኛ፣ መጋቢት 9 በባዶ ሆድ ስኳር ይለካ፤ 126ና ከዚያ በላይ ከሆነ በሌላ ቀን ይደገም። ሦስተኛ፣ ሳሉ ከቀጠለ ወይም ክብደቷ ከቀነሰ የአክታውን ውጤት ሳትጠብቁ ላኩልን። በሆስፒታሉ የሚደረግ፦ ክሬአቲኒንና ፖታሲየም በዚያው ሰኞ የካቲት 4 ጠዋት፤ የአክታው ውጤት በቲቢ ክፍል ይጠበቃል።»

ከዚህ በታች አራቱ ችግሮች በየራሳቸው አጭር አንቀጽ፣ ከዚያ ሦስቱ የመድኃኒት ክፍሎች፣ በመጨረሻ የመግቢያዋ ታሪክና የላቦራቶሪው መስመር ይከተላሉ። በሁለት ቅጂ ይጻፋል፤ አንዱ በካርዷ ውስጥ ይቀራል፣ ሁለተኛው ለልጇ ተሰጥቶ በላስቲክ ይጠቀለላል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ የመሆኑን ልማድ አልቃወምም፣ ጤና መኮንኑም የተማረው በዚያው ነውና፤ ከላይ ያሉት ሦስት ትእዛዛት ግን ለልጇ በአማርኛ ወይም በጉራግኛ በቃል ተነግረው፣ እርሱም መልሶ እንዲናገራቸው መጠየቅ አለበት።

የአክታው ውጤት ከአራት ቀን በኋላ ደረሰ እንበል፤ ባክቴሪያው አልተገኘም። ብዙ ሐኪም «ደኅና ነው» ብሎ ውጤቱን በካርዱ ውስጥ ይከትና ይዘጋዋል። ነገር ግን ጤና መኮንኑ ውጤቱን እየጠበቀ ነው፤ የካቲት 4 ሴቲቱ ስትመጣ በእጁ ያለው ወረቀት አሁንም «ይጠበቃል» ይላል። ስለዚህ ማጠቃለያው ተጨማሪ መስመር ይፈልጋል፦ በቀኑና በጸሐፊው ፊርማ «የጥር 23 አክታ፣ ቲቢ አልተገኘበትም፤ ሳሉ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ ራጅ ይደገም» ተብሎ በካርዱ ቅጂ ላይ ይጻፋል፣ በዚያው ቀንም ለጤና ጣቢያው በስልክ ይነገራል፤ የተነገረለት ሰው ስምም ከመስመሩ አጠገብ ይመዘገባል።